መጀመሪያ በሥራ ክፍል፣ ከዚያ በደመወዝ፦ ሁለተኛው ሶርት የመጀመሪያውን ለምን ያፈርሰዋል?

የመክፈቻው ጥያቄ

ነገሩ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተከፈተ ክር ነው፤ አንድ ጥያቄና ከሥሩ የተሰጡት መልሶች። ጠያቂዋ የሰው ኃይል ባለሙያ ናት። መሥሪያ ቤቷን አልጠቀሰችም። ከ180 በላይ ሠራተኞች ያሉበት የኤክሴል ዝርዝር ይዛለች። ዓምዶቹ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የሥራ ክፍል፣ ደመወዝ እና የቅጥር ቀን ናቸው። አለቃዋ የጠየቋት ቀላል ነገር ነው። ሠራተኞቹ በየክፍላቸው ተሰብስበው ይቀመጡ፣ በየክፍሉ ውስጥ ደግሞ ከፍተኛ ተከፋዩ ከላይ፣ ዝቅተኛው ከታች ይሁን።

እሷም የሥራ ክፍሉ ዓምድ ላይ ሆና የ`A→Z`ን ምልክት ተጫነች። ክፍሎቹ ተሰበሰቡ። ቀጥላ ደመወዙ ላይ ሄዳ የ`Z→A`ን ተጫነች። ደመወዙ ከላይ እስከ ታች አምሮ ወረደ፣ ክፍሎቹ ግን ተበታተኑ። የፋይሉን ሌላ ቅጂ ከፍታ በዚያው ቅደም ተከተል ደገመችው። ያው ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን እንዳያፈርስ ምን ላድርግ ነው ጥያቄዋ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ትሁት ሰው ነው። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ነግሮ ነው የጀመረው። ምልክቶቹን አንድ በአንድ መጫን ሁለት የተለያዩ ትእዛዞችን መስጠት ነው ይላል። ሁለተኛው ትእዛዝ ስለ ክፍል የሚያውቀው ነገር የለም። ዝርዝሩን በሙሉ በደመወዝ ይደረድረዋል፣ በቃ።

መንገዱንም አስቀምጧል። ሰንጠረዡ ውስጥ አንድ ሴል ላይ ብቻ መቆም፤ ዓምድ መርጦ መያዝ የለም። ከዚያ `Data`፣ ቀጥሎ `Sort`። በሚከፈተው መስኮት `My data has headers` ምልክት እንዳለበት ማየት፣ አለዚያ የዓምዶቹ አርእስት ራሱ እንደ ሠራተኛ ተቆጥሮ መሀል ይገባል። `Sort by` ላይ የሥራ ክፍልን መምረጥ። `Add Level` ሲጫኑ `Then by` የሚል አዲስ መስመር ይመጣል፤ እዚያ ደመወዝን መርጦ ቅደም ተከተሉን `Largest to Smallest` ማድረግ። ከዚያ `OK`።

መጨረሻ ላይ የጣላት ዓረፍተ ነገር ግን፣ ለእኔ፣ የክሩ ሁሉ ቁልፍ ናት። የታችኛው መስመር የሚሠራው የላይኛው መስመር እኩል ባደረጋቸው ረድፎች መካከል ብቻ ነው ይላል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ ሁሉ፣ ተከራካሪዎቹ ባያስተውሉትም፣ ኤክሴል እኩል የሚለው ምንን ነው በሚለው ላይ ነው።

መልስ 2

ይኼኛው ጎረምሳ ቢጤ ነው። መስኮቱ ለጀማሪ ነው ባይ። ሥራው በሁለት ክሊክ እንደሚያልቅ፣ ጠያቂዋ የተሳሳተችው ቅደም ተከተሉን ብቻ እንደሆነ ይናገራል። መጀመሪያ ደመወዙን ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ ከዚያ ክፍሉን። ከኋላ ወደ ፊት ማለት ነው። ይህ በየትኛውም ፕሮግራም እንደሚሠራ በእርግጠኝነት ጨምሯል።

መልስ 3

እዚህ ላይ አንድ የድሮ ሰው ገቡ። የሰንጠረዥ ሥራን ከኤክሴል 2003 ጀምሮ እንደሚያውቁ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ልጁ ግማሽ ልክ ነው አሉ። ኤክሴል ላይ ከኋላ ወደ ፊት መጫን ይሠራል። ምክንያቱም ኤክሴል ሶርት ሲያደርግ እኩል የሆኑ ረድፎችን ቀድሞ ከነበሩበት ቅደም ተከተል አያናውጥም። ደመወዙ አስቀድሞ ከወረደ፣ በክፍል ሲሰበሰብም እንደወረደ ይቆያል። እንዲያውም ጠያቂዋ ሁለቱን ከተጫነች በኋላ ተመልሳ ክፍሉን አንድ ጊዜ ብትጫን ኖሮ የምትፈልገውን ታገኝ ነበር።

ዘዴው ከየት እንደመጣም ነገሩን። የ2003ቱ መስኮት ሦስት መስመር ብቻ ነበር የሚቀበለው። አራተኛ መስመር የሚያስፈልገው ሰው ከታችኛው ጀምሮ በተራ መደርደር ነበረበት። ከ2007 ወዲህ እስከ 64 መስመር ስለሚፈቀድ ያ ችግር የለም።

ጎረምሳውን የነቀፉት ሌላው ላይ ነው። በየትኛውም ፕሮግራም ይሠራል ማለቱ ስሕተት ነው፤ ዳታቤዝ ላይ ለምሳሌ `ORDER BY` በሚለው የመደርደሪያ ትእዛዝ ውስጥ ያልጠሩት ነገር በምን ቅደም ተከተል እንደሚመጣ ዋስትና የለም። ሁለተኛው ነጥባቸው ደግሞ የመዝገብ ነው። በመስኮቱ የተሠራ ሶርት ሲከፈት መስመሮቹ እዚያው ተጽፈው ይገኛሉ። በክሊክ የተሠራውን ግን ነገ ማንም በምን ቅደም ተከተል እንደተሠራ አያውቅም።

መልስ 4 እና 5

መልስ 4 ጥያቄውን ያነበበ አይመስልም። የራሱን ችግር ይዞ ነው የመጣው። የእሱ ፋይል ላይ የክፍሉ ስም የተጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያሉት ሴሎች ተዋሕደው አንድ ረጅም ሣጥን ሆነዋል። ለማተም ያምራል። ሶርት ሲል ግን ኤክሴል የተዋሐዱት ሴሎች ሁሉ እኩል መጠን ይኑራቸው ብሎ እምቢ ይለዋል።

መልስ 5 ላይ አንዲት ሴት ይህ የእህታችን ጥያቄ አይደለም ብላ ቆንጠጥ ካደረገችው በኋላ መፍትሔውን ሰጠችው። ውሕደቱን መፍታት። ባዶ የቀሩትን ሴሎች በ`Go To Special` ውስጥ `Blanks` ብሎ መምረጥ። እኩል ምልክት ጽፎ፣ የላዩን ሴል በቀስት ጠቁሞ፣ `Ctrl+Enter` መጫን። የክፍሉ ስም በየረድፉ ይሞላል። ከዚያ ግን ዓምዱን ኮፒ አድርጎ በ`Paste Values` መልሶ መለጠፍ የግድ ነው። ፎርሙላ ሆኖ ከቀረ ሶርት ሲደረግ የላዩን ረድፍ ማየቱን ይቀጥላል፤ የላዩ ረድፍ ደግሞ ሌላ ክፍል ይሆናል።

መልስ 6

የክሩ አስፈሪ ታሪክ ይኼ ነው። ጸሐፊዋ ቀድሞ የምትሠራበት ቦታ ላይ የሥራ ባልደረባዋ የደመወዝን ዓምድ ብቻ ከላይ እስከ ታች መርጦ ሶርት አለ። ኤክሴል ጠየቀው፦ `Expand the selection` ወይስ `Continue with the current selection`? ሁለተኛውን መረጠ። ደመወዙ ብቻውን ተደረደረ፣ ስሞቹ ባሉበት ቀሩ። የጥበቃው ስም አጠገብ የክፍል ኃላፊ ደመወዝ ተቀመጠ።

ወዲያው ያልታወቀው ድምሩ ስላልተለወጠ ነው ትላለች። ያው ቁጥሮች ናቸው፣ ቦታ ብቻ ነው የተለዋወጡት። ሒሳብ ክፍሉ ድምሩን ከባለፈው ወር ጋር አመሳክሮ ልክ ነው ብሎ አሳለፈው። የታወቀው ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ የጮኸው ደግሞ የተቀነሰበት እንጂ የተጨመረለት አይደለም።

ምክሯ፣ ሶርት ከማድረግ በፊት ሁለት ሦስት ሰው ከነደመወዙ ወረቀት ላይ መያዝና ከሶርቱ በኋላ እነሱን ማየት ነው። መሀል ላይ ባዶ ዓምድ ካለ ያው አደጋ ያለ ማስጠንቀቂያ እንደሚመጣም አክላለች። ኤክሴል ሰንጠረዡ እዚያ ያለቀ ስለሚመስለው ከባዶው ወዲያ ያለውን አይነካም። ይህን መልስ ብዙ ሰው ወዶታል፤ ይገባዋልም።

መልስ 7

ጠያቂዋ ተመለሰች። በመልስ 1 መንገድ ሠርታለች፣ አመስግናለችም፤ ግን አሁን የባሰ ግራ ገብቷታል። አንደኛ፣ ሒሳብ ክፍል ሁለት ቦታ መጣ። ከላይ የተወሰኑ የሒሳብ ሠራተኞች፣ ከዚያ ሎጂስቲክስ በሙሉ፣ ከዚያ እንደገና የሒሳብ ሠራተኞች። ሁለተኛ፣ ግዢ ክፍል አንድ ላይ ነው ያለው፣ ግን ደመወዙ ከ26,000 ጀምሮ እስከ 7,800 ከወረደ በኋላ ድንገት ወደ 22,000 ዘሎ እንደገና ይወርዳል። ወደ ታች ትንሽ ሄዶ ደግሞ አንድ ጊዜ ይዘላል።

መልስ 8

ለዚህ የመጣው መልስ ስለታም ነው። ኤክሴል አማርኛ አያውቅም፣ የክፍሎቹን ስም በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ተገላገሉ፣ በየጊዜው ይኼን ጥያቄ ማየት ሰለቸን የሚል ዓይነት። ትሕትናው የለም እንጂ የሰውየው ምክር ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። ምርመራው ግን ስሕተት ነው።

መልስ 9

የድሮው ሰው ተመለሱ። ኤክሴል አማርኛውን በትክክል ነው የደረደረው አሉ፣ ችግሩ ያለው በጻፉት ሰዎች ነው። ፋይሉን ሁለት ሰው ሞልቶታል። አንዱ ሂሳብ ብሎ በሃሌታው ሀ፣ ሌላው ሒሳብ ብሎ በሐመሩ ሐ ጽፏል። ለእኛ ጆሮ አንድ ነው። ለኤክሴል ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ በፊደል ገበታው ላይ በሀ እና በሐ መካከል ደግሞ ለ አለ። ሎጂስቲክስ መሀላቸው የገባው ለዚያ ነው። ሀሁ የቆጠረ ሰው ሊገርመው አይገባም ብለው ለመልስ 8 ትንሽ ወርወር አደረጉ።

የግዢው የባሰ ድብቅ ነው። ግዢ እና ግዥ ጎን ለጎን ስለሚመጡ ዓይን ያልፋቸዋል። የሚያጋልጣቸው ደመወዙ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የሚወርድ ቁጥር ወደ ላይ ከዘለለ፣ በዚያ ቦታ ላይ አዲስ ክፍል ተጀምሯል ማለት ነው። የእሷ ሁለት ጊዜ ዘሏል፤ ስለዚህ ሦስት ዓይነት ግዢ አለ ብለው ገመቱ። ሦስተኛው ምናልባት ከኋላው ስፔስ ያለበት ይሆናል፣ እሱ ደግሞ በዓይን አይታይም። ማረጋገጫው ደመወዙ የዘለለበትን ረድፍ ከላዩ ጋር ማወዳደር ነው፦

```
=C41=C42
=LEN(C42)
```

የመጀመሪያው `FALSE` ካለ ሁለቱ እኩል አይደሉም። ሁለተኛው ለባለ ሁለት ፊደሉ ግዢ 3 ከሰጠ ሦስተኛዋ ስፔስ ናት።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማየት `Filter` አብርቶ የክፍሉን ዓምድ ቀስት መክፈት በቂ ነው ይላሉ። ዘጠኝ ክፍል ያለው መሥሪያ ቤት እዚያ አሥራ ሁለት ስም ካሳየ ነገሩ ተገኘ። ስፔሱን ግን ይኼ ዝርዝር ሁልጊዜ ለይቶ ስለማያሳይ `TRIM` ያለበት ረዳት ዓምድ ሠርቶ በ`Paste Values` መመለስ ይሻላል። ፊደሉን በ`Find and Replace` አንድ ዓይነት ማድረግ። ዘላቂው መንገድ ደግሞ የክፍሉ ስም በእጅ እንዳይጻፍ፣ በ`Data Validation` ከዝርዝር እንዲመረጥ ማድረግ ነው።

መልስ 10 እስከ 13

ከዚህ በኋላ ክሩ ሜዳውን ለቀቀ። ትክክለኛው ሂሳብ ነው ወይስ ሒሳብ? አንዱ ግእዙን ጠቅሶ ሌላውን መሃይም አለ። ሌላው ፊደላቱ ቢቀነሱ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር ሲል፣ ሦስተኛው ለኤክሴል ብለን ፊደላችንን ልንጥል ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። የድሮው ሰው በአንዲት መስመር አቋረጡ፦ ለሶርቱ የትኛውም ይሁን፣ ብቻ አንዱ ይሁን። በመካከሉ ጠያቂዋ የግዢው ግምት ልክ እንደነበረ፣ ሦስት ዓይነት እንዳገኘች ጽፋለች። በጭቅጭቁ መሀል ያየላት ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

መልስ 14

ከዋሽንግተን አካባቢ የእድር መዝገብ የሚይዝ ሰው ነው። እሱ የሚሠራው ጉግል ሺትስ ላይ ነው፤ ፋይሉን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይከፍተዋል። አንዱ ሶርት ሲያደርግ የሁሉም ስክሪን ላይ ረድፉ ይገለባበጣል፣ ሌላው እየሞላ ያለው ረድፍ ከእጁ ያመልጣል። ስለዚህ ዋናውን ዝርዝር ማንም ሳይነካው፣ ሌላ ትር ላይ በፎርሙላ የተደረደረ ቅጂ ያወጣል። ዓምድ 3 ወደ ላይ፣ ዓምድ 4 ወደ ታች። ዋናው ትር `Main` ከተባለ፦

```
=SORT(Main!A2:E187,3,TRUE,4,FALSE)
```

ኤክሴል ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ አቻው ይኼ ነው ብሎ ጨምሯል፦

```
=SORTBY(A2:E187,C2:C187,1,D2:D187,-1)
```

1 ማለት ከትንሽ ወደ ትልቅ፣ -1 ማለት ከትልቅ ወደ ትንሽ።

መልስ 15

ጠያቂዋ ሞክራ `#NAME?` ብቻ አገኘች። መሥሪያ ቤቷ ኤክሴል 2016 ነው ያለው። የ`SORTBY` ፎርሙላ ኤክሴል 2021 እና 365 ላይ እንጂ ከዚያ በፊት የለም። ስለዚህ ወደ መስኮቱ ተመለሰች።

ክፍሎቹ አሁን ተስተካክለዋል። ግን ሽያጭ ክፍል ውስጥ 12,000 የሚከፈለው ሠራተኛ 31,000 ከሚከፈላት ኃላፊ በላይ ተቀምጧል። ቀጥሎ 31,000፣ 18,500፣ 9,200 እያለ በደንብ ይወርዳል። የተሳሳተው አንዱ ብቻ ነው።

መልስ 16

ይህን የመለሰችው መልስ 5 ላይ የነበረችው ሴት ናት። የዚያ ሰው ደመወዝ ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው አለች፣ ፋይሉን ሳታይ። ኤክሴል ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረድር ቁጥሮች ይቀድማሉ፣ ጽሑፍ ይከተላል። ሲገለበጥ ጽሑፉ ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ ይወጣል። ባዶ ሴል ብቻ ነው በሁለቱም አቅጣጫ መጨረሻ የሚቀመጠው። ስለዚህ ከትልቅ ወደ ትንሽ ሲደረደር ያለ አግባብ ከክፍሉ አናት የተቀመጠ ሰው ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኼ ነው።

ምልክቱ ሴሉ ውስጥ ይታያል። ቁጥር ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ፤ የሴሉ ማዕዘን ላይ ትንሽ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘንም ልትኖር ትችላለች። ጠያቂዋ አይታ 12,000 ብር ተብሎ ከነፊደሉ ተጽፎ አገኘችው። ብር የሚለውን በ`Find and Replace` ማጥፋት በቂ ሆነ። መሥሪያ ቤቱ ብር የሚለው ይታይ ካለ በሴሉ ቅርጽ ይገባል፣ በእጅ አይጻፍም፦

```
#,##0.00 "ብር"
```

መልስ 17

እዚህ ላይ ያልቃል ብዬ ነበር። ጠያቂዋ ግን አለቃዋ ሦስተኛ ነገር እንደጨመሩባት ጻፈች። ደመወዛቸው እኩል የሆኑ ሠራተኞች በቅጥር ቀን ይደርደሩ፣ ነባሩ ይቅደም። ሽያጭ ውስጥ 18,500 የሚከፈላቸው ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ በ05/03/2004፣ ሌላዋ በ21/07/2001 ተቀጥረዋል፣ ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር። ሦስተኛ መስመር ጨምራ ቅጥሩን ከአሮጌ ወደ አዲስ ስታደርገው የ2004ቱ ቀደመ።

መልስ 18

ጎረምሳው ተመልሶ መስመሩ ተገልብጦ ይሆናል፣ `Newest to Oldest` አድርጊው አላት። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ይሠራል፤ ለሌሎቹ ሁሉ ይገለብጠዋል።

መልስ 19

የድሮው ሰው ረጅም ጻፉ። ኤክሴል ኢትዮጵያዊውን ዘመን አያውቅም፣ የተጻፈለትን ሁሉ እንደ ፈረንጅ ቀን ሊያነበው ይሞክራል። የእሷ ኮምፒዩተር ወርን የሚያስቀድም የአሜሪካ አጻጻፍ ላይ ያለ ይመስላል። 05/03/2004ን ሜይ 3 ብሎ ቀን አደረገው፤ ለእኛ ኅዳር 5 ነው። 21/07/2001 ላይ ሲደርስ 21ኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ተወው። ጽሑፍ ደግሞ ከቁጥር በኋላ ነው፤ ቀን ለኤክሴል ቁጥር ነው። ነባሯ ወደ ታች የወረደችው ለዚህ ነው። ዓምዱን ትየው አሉ፦ ቀኑ እስከ 12 የሆነው ሁሉ ወደ ቀኝ፣ ከ13 ጀምሮ ያለው ወደ ግራ ተጠግቶ ታገኘዋለች።

የኮምፒዩተሩን አጻጻፍ ቀን ወደሚያስቀድም ለውጦ ቀኖቹን እንደገና መጻፍ ብዙውን ያቃልላል፣ ሁሉን ግን አይፈታም። ጥቅምት 30 ለኤክሴል ፌብሩዋሪ 30 ነው፣ እንዲህ ያለ ቀን የለም። ጳጉሜንም አሥራ ሦስተኛ ወር ናት።

የሳቸው መፍትሔ ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብሎ በሦስት ዓምድ መጻፍ ነው። ከዚያ ሦስት ተጨማሪ መስመር፣ ሦስቱም `Smallest to Largest`። ወይም ሦስቱን በአንድ ቁጥር መጠቅለል፦

```
=F2*10000+G2*100+H2
```

በዚህ 21/07/2001 ማለት 20010721 ይሆናል፣ 05/03/2004 ደግሞ 20040305። ጳጉሜንም 13 ሆና በቦታዋ ትገባለች።

መልስ 20 እና 21

መልስ 6ን የጻፈችው ሴት አልተስማማችም። ነገ የአገልግሎት ዘመን አስሉ ቢባል ያ ቁጥር ከሌላው ተቀንሶ ቀናትን አይሰጥም፤ ሁሉም ወደ ፈረንጅ ተለውጦ ትክክለኛ ቀን ሆኖ መቀመጥ አለበት ባይ ናት። የድሮው ሰው ደግሞ የቅጥር ደብዳቤው በእኛ አቆጣጠር እስከተጻፈ ድረስ፣ 180 ቀን በእጅ የሚለውጥ ሰው ስንቱን እንደሚያሳስት ጠየቁ። እሷም ሁለቱም ዓምድ ይኑር አለች። እሳቸው ሁለት ዓምድ ካለ አንዱ ሲታረም ሌላው ይረሳል አሉ።

ጠያቂዋ ለጊዜው የሳቸውን ይዛ ዝርዝሩን አስረክባለች። ሁለቱ ግን እስካሁን አልተግባቡም።